ጎማው ይዞራል እንጂ መሬት አልያዘም

ይህን የምጽፈው ብሶቴ ስለ በዛ ነው። በዚህ ወር ብቻ ሦስት የተሽከርካሪ አኒሜሽን ፋይሎች ደሴ ድረስ ተልከውልኝ «አጠናቅቅልን» ተብያለሁ፤ ሦስቱም ላይ ያገኘሁት ጥፋት አንድ ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

የመጨረሻው ሥራ ሃያ ሰከንድ የሚፈጅ ማስታወቂያ ሲሆን፣ አንድ ሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ ያሳያል። በዚያ መስመር ለብዙ ዓመታት ሚኒባስ የነዳው አጎቴ ቤቴ መጥቶ ስለ ነበር፣ የተላከልኝን ረቂቅ አብረን አየነው። ስለ አኒሜሽን ምንም አያውቅም፤ ሆኖም ምስሉ ገና ሳያልቅ «ልጄ፣ ይህ መኪና ጭቃ ላይ ነው እንዴ የሚሄደው? ጎማው ይዞራል እንጂ መሬት አልያዘም» አለኝ። ደንበኛው ደግሞ ጥፋቱን ስነግረው «ይህን ማን ያየዋል?» ብሎኝ ነበር። መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያየዋል!

ፋይሉን ስከፍት የጎማው መሽከርከር በዚህ ቀመር ታስሮ አገኘሁት፦

```
speed / radius * frame / 24
```

ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ ፍጥነትን ለጎማው ራዲየስ አካፍለን ባለፈው ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ምስል ወይም ፍሬም ሲቆጠር በሚገኘው ሰከንድ፣ ብናባዛ የዞረበትን አንግል እናገኛለን ይላል። ይህ የሚሠራው ግን መኪናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍጥነቱን ካልለወጠ ብቻ ነው፤ ከደሴ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ደግሞ በየኩርባው ፍሬን ይይዛል። በፋይሉ ውስጥ ሚኒባሱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 240ኛው ፍሬም ላይ ይደርሳል፤ እስከዚያ 10 ሰከንድ አልፏልና ቀመሩ 100 ሜትር ተጉዟል ብሎ ያሰላል። በ241ኛው ፍሬም ሾፌሩ ፍሬን ነካ አድርጎ ፍጥነቱ 9.9 ሲሆን፣ ቀመሩ ይህን አዲስ ፍጥነት ካለፈው ጊዜ ሁሉ ጋር ያባዛዋል፤ ውጤቱ 99.41 ሜትር ይሆናል። መኪናው በዚያች ፍሬም ወደ 41 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ሄዶ ሳለ፣ ጎማው 59 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የተመለሰ ያህል ይዞራል። አጎቴ ያየው ጭቃ ይህ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ክሊፑ በረዘመ ቁጥር እየባሰ ስለሚሄድ፣ ሠሪው በመጀመሪያው ሁለት ሰከንድ ላይ ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ ቢተወው አይገርምም።

መፍትሔው ጊዜን ትቶ የተኬደውን መንገድ በየፍሬሙ መደመር ነው፦

```python
step = (pos - prev_pos).dot(forward)
angle += step / radius
prev_pos = pos.copy()
```

እዚህ ላይ `pos` የሚለው የመኪናው መሐል ሳይሆን የእያንዳንዱ ጎማ ቦታ ሊሆን ይገባል። ይህን ያልኩት ለጥራት ብቻ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ መኪናው ሙሉ በሙሉ ዞሮ በመጣበት አቅጣጫ የሚመለስበት ኩርባ ቢኖር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ከሆነ፣ የውጩ ጎማ ከውስጠኛው 4.7 ሜትር ያህል የበለጠ ይጓዛል። ራዲየሱ 33 ሴንቲሜትር ለሆነ ጎማ ይህ ከሁለት ዙር በላይ ልዩነት ነው። ራዲየሱም ከሞዴሉ ላይ ተለክቶ ይወሰድ እንጂ ከሌላ ፋይል አይገልበጥ፤ የተላከልኝ ፋይል ላይ 0.3 ተብሎ ተጽፎ ነበርና ጎማው በየዙሩ 19 ሴንቲሜትር ያህል መሬት ላይ ይንሸራተት ነበር።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ስልክለት ደንበኛው ምን አለኝ? «ወንድሜ፣ ጎማው ቆሟል!» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ቆሞ ይታያል። ቸርኬው አምስት ክንድ አለው፤ ክንዶቹም በ72 ዲግሪ ይራራቃሉ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን ይህ ጎማ በአንድ ፍሬም 72.3 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ምስል አንዱ ክንድ የጎረቤቱን ቦታ ይይዝና ዓይን ምንም ለውጥ አያይም። በ25 ፍሬም ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ የሚዞር ይመስል ነበር። ደንበኛው «ዝም ብለህ አዘግየው» አለኝ፤ ባዘገየው ግን ወደ ጭቃው እንመለሳለን። የሚያስፈልገው የእንቅስቃሴ ብዥታን ማብራት ነው፤ የካሜራው መዝጊያ ለግማሽ ፍሬም ክፍት ሲሆን ክንዶቹ 36 ዲግሪ ያህል ይሰመራሉ፤ ዓይንም ጎማው እንደሚሽከረከር ያምናል። አንግሉ 360 ሲደርስ ወደ ዜሮ እንዳይመለስ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ከተመለሰ በዚያች ፍሬም ብዥታው ወደ ኋላ ይሳባል።

ወደ ሱስፔንሽኑ ስመጣ ብሶቴ ይብሳል። በተላከልኝ ፋይል ከእያንዳንዱ ጎማ በላይ አንድ የማይታይ የመለኪያ ጨረር ወደ ታች ይወረወራል፤ መሬቱን የነካበት ቦታ ላይ ራዲየሱ ተደምሮ የጎማው መሐል እዚያ ይቀመጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎማ ክብ መሆኑን ረስቷል። መንገዱ ላይ 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነበር። አንዱ ጨረር እዚያ ሲገባ ጎማው 10 ሴንቲሜትር ዘጭ ይላል፤ ጎኖቹም አስፋልቱን ሰንጥቀው ይገባሉ። በእውኑ ዓለም ግን 33 ሴንቲሜትር ራዲየስ ያለው ጎማ የጉድጓዱን ሁለት ከንፈሮች ተደግፎ ያልፋል እንጂ ታች አይደርስም፤ የሚሰምጠው 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎማው ፊት እስከ ኋላው ሰባት ያህል ጨረሮች ደርድሬ፣ ለእያንዳንዱ የመሬቱን ከፍታ ወስጄ በዚያ ቦታ ያለውን የጎማውን ክብ ከፍታ፣ ማለትም `sqrt(r*r - x*x)` ደመርኩበት፤ `x` ጨረሩ ከጎማው መሐል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የራቀበት ርቀት ነው፤ ከሰባቱ ከፍተኛው የጎማው መሐል ሆነ። ጉድጓዱ ወዲያው ጉድጓድ መሰለ።

የመኪናው አካል ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር በሚስማር የተመታ ይመስል በየጠጠሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞላና ሾክ አብዞርበር የተሠሩት ይህ እንዳይሆን ነው። ጎማው መሬቱን ወዲያው ይከተል፤ አካሉ ግን የአራቱን ጎማዎች አማካይ ከፍታ በሞላ ስሌት ዘግየት ብሎ ይከተል፤ በሰከንድ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጊዜ እየተወዛወዘ፣ ከአንድ ሁለት ውዝዋዜ በኋላ ይርጋ። የጎማው ጉዞም ወሰን ይኑረው፤ መሬቱ ከወሰኑ በታች ከወረደ ጎማው አየር ላይ ይንጠልጠል እንጂ እንደ ላስቲክ አይሳብ።

እነዚህ ስሌቶች ሁሉ ያለፈውን ፍሬም ውጤት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከፍሬም አንድ ጀምሮ አስልቶ ውጤቱን ወደ ኪፍሬም፣ ማለትም በየፍሬሙ ተመዝግቦ ወደሚቀመጥ እሴት፣ መገልበጥ ግድ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ሥራውን ለሁለት ኮምፒውተሮች ከፋፍዬ፣ ሁለተኛው ከ241ኛው ፍሬም ሲጀምር ጎማው ከዜሮ ተነሥቶ መጋጠሚያው ላይ ዘለለብኝ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ የፈጀ ሬንደር ተጣለ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፌ፣ የተስተካከለውንም ፋይል አያይዤ ለላኩልኝ ሰዎች መለስኩ፤ «በጣም እናመሰግናለን» አሉኝ። ትናንት ማታ አዲስ ፋይል መጣ፤ አሁን ደግሞ አይሱዙ ከሐይቅ ወደ ደሴ ሲመጣ ነው። ከፈትኩት፤ የኋላው ጎማ ላይ ጠቅ አደረግሁ፦ `speed / radius * frame / 24`።