«ሠርተህ አሳየው»? በማን ኪሳራ?

«ደንበኛው የሚፈልገውን አያውቅም። ስኮፕ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ሠርተህ አሳየው፣ ከዚያ ራሱ ይነግርሃል።» ሰሞኑን የአንድ ዌብሳይት ሠሪ ድርጅት ኃላፊ ለወጣት ዴቨሎፐሮች የሰጡት ምክር ነው። ስኮፕ የሚሉት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ቀድሞ የሚጻፍበትን ሰነድ ነው።

ጭብጨባው ደመቅ ያለ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ይህን ምክር የሚከተለው ልጅ ለወራት ይለፋና «እኔ እንዲህ አላልኩህም» ተብሎ ቀሪ ክፍያውን ሳያገኝ ይሸኛል። ኃላፊው ግን ጠበቃም ሒሳብ ሠራተኛም ይኖራቸዋል። በእሳቸው ውል ላይ የክፍያው ቀን ቁልጭ ብሎ እንደሚጻፍ ደግሞ አልጠራጠርም። ጽሑፍ ጊዜ ማባከን የሚሆነው የሚሠራው ነገር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ማለት ነው?

መከራከሪያቸው «እኛ አጃይል ነን» የሚል ነው፣ ሶፍትዌሩን በትንሽ በትንሹ እየሠራን፣ እያሳየንና እያረምን እንሄዳለን ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 17 ሰዎች ዩታ ውስጥ ተሰብስበው ያወጡትን መግለጫ ይጠቅሳሉ። መግለጫው ከወፍራም ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር እናስቀድማለን ይላል፣ እውነት ነው። እዚያው ሥር ግን ሰነዱም የራሱ ጥቅም እንዳለው ተጽፏል። አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው፣ እስከ መጨረሻው ማንበብ ምን ይከብዳል? ደግሞ እነዚያ ሰዎች ያሰቡት ደንበኛው ከሠሪዎቹ ጋር በየቀኑ አብሮ እንዲሠራ ነው። ሱቁን ዘግቶ በየቀኑ አጠገብህ የሚቀመጥ የመርካቶ ነጋዴ ካለ ስልኩን ላኩልኝ።

ከሁሉ ያበሳጨኝ ግን ነጋዴውን የናቁት ነገር ነው። ሰውየው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። የማያውቀው የእኛን ሙያ ነው። ስለዚህ ስለ ዌብሳይት አትጠይቀው። ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ጠይቀው።

የቤት ዕቃ የሚሠራ ነጋዴ እንውሰድ። ገና ስትቀመጥ የሚልህ «ሰው ሶፋ መርጦ በኦንላይን የሚገዛበት፣ እንደ አማዞን ያለ ዘመናዊ ዌብሳይት» ነው። «ሠርተህ አሳየው» የተባለው ልጅ ይህን ሰምቶ የዕቃ መሰብሰቢያ ጋሪውን፣ የደንበኛ አካውንቱን፣ የክፍያ ገጹን ሊሠራ ይሮጣል። ሌላው ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «መጨረሻ ሶፋ ያዘዘችህ ሴትዮ እንዴት አገኘችህ? ከዚያስ?» ነጋዴው ሳያስብ ይተርክልሃል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አየች። ደወለች። መጥታ ጨርቁን ነካክታ አየች። የሳሎኗን ልክ ሰጠች። ዋጋ ተከራከረች። ግማሹን ቀብድ ከፈለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሶፋው ቤቷ ደረሰና ቀሪውን ከፈለች።

እስቲ እዚህ ውስጥ ጋሪው የት አለ? የለም። ሶፋው ራሱ ገና አልተሠራም። ዋጋው የሚታወቀው ልኩና ጨርቁ ሲታወቅ ነው። ነጋዴውም «ዋጋ እንዳትለጥፍብኝ፣ ጣውላ በየጊዜው ይጨምራል» ይልሃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሴትዮዋ ፎቶውን አይታ ልኳን፣ የጨርቅ ምርጫዋንና ስልኳን የምትልክበት ፎርም ነው። ይሄ ሁሉ የተገኘው በግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። በኃላፊው መንገድ ቢሆን የሚገኘው ጋሪው ተሠርቶ፣ ታይቶ፣ ከተጣለ በኋላ ነበር።

አሁን ይጻፍ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች «የትዕዛዝ ፎርም» ብለው በሁለት ቃል ያልፉታል። ማን ምን ያደርጋል፣ ከዚያ ምን ይሆናል ብለህ ጻፍ እንጂ! «ደንበኛዋ ከዕቃው ገጽ ላይ ልክ፣ የጨርቅ ዓይነትና ስልክ ሞልታ ትልካለች። ለነጋዴው በቴሌግራም መልእክት ይደርሰዋል። ትዕዛዙ ነጋዴው በሚገባበት የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ ‹አዲስ› ተብሎ ይታያል። ነጋዴው ሲደውልላት ‹ተደውሏል›፣ ቀብድ ሲቀበል ‹ቀብድ ተከፍሏል› ብሎ ይቀይረዋል።» እንዲህ ስትጽፈው የተደበቁት ገጾች ብቅ ብቅ ይላሉ። ፎርሙ አለ። «ትዕዛዝዎ ደርሶናል» የሚለው ገጽ አለ። የአስተዳዳሪው መግቢያ፣ የትዕዛዞች ዝርዝር፣ የአንዱ ትዕዛዝ ገጽ አለ። አንድ ያልነው 5 ሆነ። ዋጋ የሰጠኸው ለአንዱ ከሆነ አራቱን በነጻ ልትሠራ ነው።

«ፍለጋ» የምትለዋም እንደዚሁ ናት። ነጋዴው «ሣጥን» ብሎ መዝግቧል፣ ደንበኛዋ «ሳጥን» ብላ ትፈልጋለች። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ፊደል ስለሆነ «ምንም አልተገኘም» ይላታል። ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ በራሱ መስመር ሊጻፍ ይገባል። ወይም ዕቃው 40 ብቻ ከሆነ በምድብ ከፋፍለህ ፍለጋውን ለሌላ ጊዜ ታቆየዋለህ። ግን ይህን የምትወስነው ሲጻፍ ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኦራክል ውስጥ ይሠራ የነበረው ዳይ ክሌግ ያመጣው አራት መደብ እስካሁን ይሠራል፦ የግድ፣ ሊኖር የሚገባው፣ ቢኖር ጥሩ፣ በዚህ ዙር የማይሠራ። ነጋዴው መጀመሪያ ሁሉንም «የግድ» ውስጥ ይከትታል። ያኔ «ይሄ ባይደርስ ዌብሳይቱን ሳንከፍት እንቆይ?» በለው። ብዙው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ከጠቅላላው ልፋት የግዱ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመክር ደንብም አለ፣ ቀሪው ነገር ሲበላሽ መተንፈሻህ ነው። ለሶፋው ነጋዴ የግድ የሚሆኑት መነሻ ገጹ፣ የምድብ ገጹ፣ የአንድ ዕቃ ገጹ፣ ፎርሙ፣ አድራሻውና የአስተዳዳሪው ገጾች ናቸው። የዌብሳይቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሁለተኛው መደብ ውስጥ ይሁን። ቀብድ በቴሌብር መክፈል ሦስተኛ። ጋሪ፣ የደንበኛ አካውንትና የሞባይል አፕ አራተኛው ውስጥ በስማቸው ይጻፉ። ሰው ይህን አራተኛ ዝርዝር ይዘለዋል። ለእኔ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፣ ጠብ የሚነሳው ባልተባለው ነገር ላይ ነዋ!

ፎቶውን ማን ያመጣል የሚለውም አይረሳ። 40 ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ 3 ፎቶ፣ 120 ፎቶ ነው። ማን ያነሳል፣ እስከ መቼ? ይሄ ካልተጻፈ ዌብሳይቱ አልቆ ባዶውን ይቀመጣል፣ ያዘገየኸው ግን አንተ ትባላለህ።

ባለ 60 ገጽ፣ ማንም የማያነበው ሰነድ ይጻፍ እያልኩ አይደለም፣ እሱንማ እኔም አልወደውም። ይሄ ሦስት ገጽ ነው። ሰነዱ ውስጥ «ወዘተ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ለአጠቃቀም ቀላል» የሚል ካየህ ግን አትፈርም። «ወዘተ» ውስጥ ነጋዴው አፕ አስገብቷል፣ አንተ ደግሞ ምንም አላስገባህም።

ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ ሰውየው መሀል ላይ ደውሎ «ቴሌብሩን አሁኑኑ ጨምርልኝ» ማለቱ አይቀርም። መብቱ ነው። ሰነዱን ትከፍታለህ፣ ሦስተኛው ዝርዝር ላይ ታገኘዋለህ። ወይ ከሁለተኛው ዝርዝር የሚመጣጠን ሥራ ወጥቶ እሱ ይገባል፣ ወይ ቀንና ዋጋ ይጨመራል። የቱ እንደሚሻለው እሱ ይመርጣል።