ጀንፈል ከጠፋች ማን ይመልሳታል?

«የአማርኛ ጽሑፍ ማነሱ ከእንግዲህ ችግር አይደለም። ያለንን ለሞዴሉ እንሰጠዋለን፣ እሱ ሚሊዮን ዓረፍተ ነገር ይጽፍልናል፣ ቀጣዩን ሞዴል በዚያ እናሠለጥናለን።»

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ በአንድ ስብሰባ ላይ ይህን የተናገረው ሰው በጭብጨባ ነው የወረደው። ሞዴል ያለው ከተሰጠው ጽሑፍ ተምሮ አዲስ ጽሑፍ የሚጽፈውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እኔ አላጨበጨብኩም። ተናድጄ ወጣሁ፣ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም።

ጀንፈል የምትለዋን ቃል እንውሰድ። ጅማ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልጋትም፤ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ናት። ከ1000 ዓረፍተ ነገር በአንዱ ትገኛለች እንበል። ሞዴሉም ምንም ሳይሳሳት፣ ልክ በዚያው መጠን ተምሯታል እንበል። አሁን 1000 አዲስ ዓረፍተ ነገር ጻፍ አልነው። ጀንፈል አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወጣ የመቅረቷ ዕድል ከ100 ወደ 37 ይጠጋል። ማንም አላጠፋም። ዕጣ ነው፤ አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ አይወጣም።

ካልወጣች ግን ነገሩ አለቀ። ሁለተኛው ሞዴል የሠለጠነው በዚያ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ጀንፈል የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ሦስተኛውም ከሁለተኛው ሊማራት አይችልም። አንዴ ብትተርፍም በሚቀጥለው ዙር ያው ዕጣ ይጠብቃታል። እስከ አምስተኛው ዙር ድረስ የመጥፋቷ ዕድል ከ100 ወደ 73 ይደርሳል። መውጫ በር አለ፣ መመለሻ በር የለም።

«እኛ እኮ ሚሊዮን ነው ያልነው» ትሉኝ ይሆናል። ሚሊዮን ሲሆን ጀንፈል ትተርፋለች፤ በእሷ ቦታ ከሚሊዮን አንዴ የምትመጣው ቃል ትቆማለች። አያቶቻችን ብቻ የሚሏት ቃል፣ አንድ ሰፈር ብቻ የሚታወቅ አባባል። ቁጥሩን ማብዛት የሚጠፋውን ይቀይራል እንጂ መጥፋቱን አያስቀርም።

ይህ ሁሉ ሞዴሉ ፍጹም ነው ብለን ነው። እውነተኛው ሞዴል ሲጽፍ ወደተለመደው ቃል ያደላል። «ጀንፈል» በማለት ፈንታ «የደረቀ ቡና» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፣ አራሚም ያልፈዋል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉ እየሳሳ ሲሄድ ንጹሕ ይመስላል።

ባለሙያዎቹ ይህን መሳሳት ሞዴል ኮላፕስ፣ የሞዴል መፈራረስ፣ ይሉታል። ኢሊያ ሹማይሎቭና ባልደረቦቹ በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት አንድን የቋንቋ ሞዴል በራሱ ጽሑፍ ደጋግመው አሠለጠኑት። እንዲቀጥለው የሰጡት መነሻ ስለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ የሚያወራ ጽሑፍ ነበር። በዘጠነኛው ዙር ሞዴሉ ስለ ጥንቸሎች ይዘረዝር ጀመር፤ ጭራቸው ጥቁር፣ ጭራቸው ነጭ፣ ጭራቸው ሰማያዊ። የመጀመሪያውን የሰው ጽሑፍ 10 በመቶ በየዙሩ ሲያስቀሩ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ቀነሰ። ስለዚህ የሰው ጽሑፍ ሳይጣል የማሽኑ ቢጨመርበት አልቃወምም። ሰውዬው ያለው ግን ይህን አይደለም።

ከሁሉ ያበሸቀኝ ደግሞ ለጥያቄ የሰጠው መልስ ነው። «ሰውም ከሰው ነው የሚማረው» አለ። ይህ መልስ ነው? አንዲት እናት ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ስታደርቅ አይታችኋል? እፍኝ ታነሳለች፣ ጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ትነቀንቃለች። ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ልጇ «ጀንፈል» የሚለውን ከእሷ አፍ ይሰማል፣ ግን ድምፁንም ይሰማል፣ ሽታውንም ያውቃል። ቃሉን ቢረሳ እንኳ ቡናው አለ፤ ነገ ገበያ ላይ ይጠይቅና ይመልሰዋል። ሞዴሉ ከጽሑፉ ሌላ የሚጠይቀው የለውም። ማሽን የጻፈው ኮድ ሲሆን ማስኬድ ይቻላል፣ የሒሳብ መልስ ሲሆን ማረጋገጥ ይቻላል። የአማርኛችንን ልክነት የሚመሰክረው ግን ተናጋሪው ሰው ነው፣ ሰውዬው ደግሞ ያንን ሰው ነው ከመንገድ ያስወጣው።

እውነት ዕቅዱ ይሠራል የሚል ካለ ይፈትነው። ሰው የጻፈውን ጥቂት ሺህ ዓረፍተ ነገር ዛሬውኑ ለይቶ ይቆልፍ፣ ለየትኛውም ሞዴል አይስጥ። ከየዙሩ በኋላ አዲሱ ሞዴል ያንን ጽሑፍ ምን ያህል በትክክል እንደሚገምተው ይለካ። ሞዴሉ በጻፈው ውስጥም ስንት የተለያየ ቃል እንዳለ ይቁጠር። ራሱ በጻፈው ከፈተነው ሁልጊዜ ያልፋል።

ለማሽን ኪራይ የሚወጣውን ገንዘብ ደግሞ እዚሁ ያምጣው። ሄርማታ መርካቶ ቡና ሲመዝኑ የኖሩ ሰዎች አሉ፣ በርጩማ የሚጠርቡ አሉ። የድምፅ መቅጃ ይዞ ይቀመጥ፣ ለጊዜያቸው ይክፈላቸው፣ ያሉትን የሚገለብጥ ወጣት ይቅጠር። ሚሊዮን ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ጀንፈል ግን አለችበት።