«ስክሪንሾቱ ስልኬ ላይ አለ»

አንዳንድ ሰው ጥንቃቄው ለጉድ ነው። የጂሜይሉን መጠባበቂያ ኮዶች ስክሪንሾት አንስቶ እዚያው ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። እንዲህ ዓይነቱን ሊቅ በሐውልት ካላሰብነው ማንን ልናስብ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አበራ፣ Backup codes የምትለዋን ነካ፣ ጉግል አሥር ኮዶች ሰጠው። እያንዳንዱ 8 አሃዝ ነው፣ አንዱ የሚያገለግለውም አንዴ ብቻ። ጉግል የሰጠው ስልኩ የጠፋ ቀን እንዲገባባቸው ነበር። ወንድማችን ግን ወረቀት ፍለጋ ከወንበሩ አልተነሳም። ስልኩ ላይ አነሳቸውና «ሴቭ አድርጌያለሁ» ብሎ ደረቱን ነፋ።

አንድ ማታ ሜክሲኮ ታክሲ ሲሳፈር ስልኩ ከኪሱ ተመነተፈ። ቤት ሲደርስ በሚስቱ ስልክ ጂሜይሉን ሊከፍት ሞከረ። የይለፍ ቃሉን አልረሳም፣ ጎበዝ! ጉግል «ስልክህ ላይ አዎ በል» አለው። አዎ የሚለው እንግዲህ ሌባው ነው። Try another way ነካ። አጭር መልእክት ይላክ? ሲሙም ሌባው ጋ ነው። የኦቴንቲኬተር ቁጥር? አፑም እዚያው ነው። መጠባበቂያ ኮድ? ጋለሪ ውስጥ፣ ከልጁ የልደት ፎቶ ቀጥሎ። ስክሪንሾቱ ጉግል ፎቶስ ላይ ኮፒ ነበረው። ግን እሱን ለማየት መጀመሪያ አካውንቱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል! ይህን የሚያህል ጥበቃ ባንክ ቤትም የለ።

ቀላሉ መውጫ መታወቂያ ይዞ ቴሌ ሄዶ በዚያው ቁጥር ምትክ ሲም ማውጣት ነበር፤ መልእክቱ አዲሱ ሲም ላይ ይመጣለት ነበር። እሱ ግን እንደዚህ ዓይነት ተራ ሰው አይደለም። ሲሙ የተመዘገበው በአጎቱ ልጅ ስም ነው፣ የአጎቱ ልጅ ደግሞ አሁን ሪያድ ነው። (ከሪያድ ተመልሰው ጂሜይላቸውን እዚያ በቀረ የሳዑዲ ቁጥር ያሰሩትንም ከዚህ ሙገሳ አልለይም።) የቀረው የአካውንት ማስመለሻ ጥያቄ ማቅረብ ነው። መልሱ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ መመለሱም ዋስትና የለውም።

ጎረቤቱ ያሉት ጡረተኛ መምህርት ደግሞ እንዴት ያሉ ኋላቀር ናቸው መሰላችሁ! ኮዶቹን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገለበጡ። ኢሜይላቸውንም የይለፍ ቃላቸውንም እዚያ ላይ አልጻፉም፣ ሌላ ሰው ቢያገኘው ዝም ብሎ የቁጥር ዝርዝር ነው። ከቤቱ ካርታ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉት። እሳቸውም ስልካቸው ሲሰረቅ በልጃቸው ላፕቶፕ ከፈቱ፣ አንዱን ኮድ አስገቡ፣ ወዲያው በእስክሪብቶ ሰረዙት። ከዚያ የጠፋውን ስልክ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር አስወጡት፣ አዲስ አሥር ኮድም አወጡ። አዲሱ ሲወጣ አሮጌዎቹ ስለማይሠሩ የድሮውን ወረቀት ቀደው ጣሉት።

ሲያሳፍር! ለዘመድ ሳይደውሉ፣ «ሰው የሚያውቅ አለ?» ብለው ፌስቡክ ላይ ሳይለጥፉ፣ ቡናው ሳይፈላ ጨረሱት።