ያቺ «አዎ» ከየት መጣች?

«ዶክመንተሪ እኮ ልብ ወለድ አይደለም። ካሜራ ያየውን ነው የሚያሳየው። ምኑ ይመረጣል?»

ይህን ያሉት ጅማ ውስጥ ለወጣቶች በየሳምንቱ የእውነተኛ ወንጀል ዶክመንተሪ ሊያሳዩ የተነሱ አዘጋጅ ናቸው። ፊልሞቹን በምን መስፈርት መረጣችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ነው። መስፈርት የለም ማለት ነው። ብዙ የታየና ብዙ የተወራለት ይቀርባል፣ አለቀ። ለመክፈቻ የተመረጠው ደግሞ «ሜኪንግ ኤ መርደረር» ነው።

ፊልም ማሳየታቸውን አልቃወምም። ያናደደኝ «ምኑ ይመረጣል» የሚለው ነው። ካሜራው ያየውን ይቅረጽ፣ ግድ የለም። ከዚያ በኋላ ግን ቆርጦ የሚቀጥል ሰው አለ። የዚህ ሰው ሥራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ራሳቸው የመረጡት ፊልም ይበቃል።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስቲቨን አቨሪ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ባልፈጸመው ወንጀል 18 ዓመት ታስሮ እ.ኤ.አ. በ2003 በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ተገደለች። በ2007 አቨሪ በዚህ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ፊልሙ በ2015 መጨረሻ ሲወጣ ፖሊስ ማስረጃ ፈጥሮበታል የሚለውን የጠበቆቹን ክርክር ይዞ ነው የተነሳው።

አሁን አንዷን ትዕይንት ብቻ ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። የሟቿ መኪና ከመገኘቷ በፊት አንድ የፖሊስ ባልደረባ ስልክ ደውሎ ታርጋዋን አጣርቷል። ይህ ሰው ለምስክርነት ችሎት ቀርቧል። የስልክ ቅጂው ተሰማ። ጠበቃው ይጠይቀዋል፦ ይህን የሚሰማ ሰው መኪናዋን ከኋላ ቆመህ እያየህ ታርጋውን የምታነብ ቢመስለው ይገባሃል አይደል? ፊልሙ ላይ ፖሊሱ «አዎ» ይላል። በቃ። ተመልካቹ እዚያው ፈርዶበት ይነሳል።

የችሎቱ ቃለ ጉባኤ ግን እንዲህ አይልም። ያቺ «አዎ» የሌላ ጥያቄ መልስ ነበረች። ጠበቃው ቀጥሎ፣ ይህ ስልክ ከዚህ በፊት ካደረግሃቸው በመቶ የሚቆጠሩ የታርጋ ማጣሪያዎች ጋር ይመሳሰላል ወይ ብሎ ጠይቆታል። ፖሊሱ «አዎ» ያለው ለዚህኛው ነው። ልዩነቱን እዩት። ችሎት ላይ የተናገረው የዘወትር ሥራዬ ነው ማለቱን ነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ቃሉ የተያዘ ሰው ኑዛዜ ሆነ። ድምፁ የራሱ ነው፣ ፊቱም የራሱ ነው፣ ካሜራውም አልዋሸም፤ ውሸቱ ያለው ጥያቄና መልሱ በተጋጠሙበት ቦታ ነው፣ ያንን ቦታ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው በፍጹም አያየውም።

ይህን ስል «ፍርድ ቤት እኮ ክሱን ውድቅ አድርጎታል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ፖሊሱ እ.ኤ.አ. በ2018 የፊልሙን ሠሪዎች በስም ማጥፋት ከሰሰ፣ በ2023 ተሸነፈ። ግን ምን ስለተባለ ነው የተሸነፈው? በአሜሪካ ሕግ የመንግሥት ባለሥልጣን በስም ማጥፋት ለማሸነፍ የፊልሙ ሠሪዎች ሐሰት መሆኑን እያወቁ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጣቸው እንዳቀረቡት ማሳየት አለበት። ይህ ለከሳሹ አቀበት ነው፤ ለፕሬስ ነፃነት ሲባልም አቀበት መሆኑ ጥሩ ነው። ዳኛው ግን «አዎ»ዋ ከቦታዋ አልተነሳችም አላለም። በሕግ አለመጠየቅና ሐቀኛ ሥራ መሥራት አንድ የሚመስለው ሰው ለወጣት ፊልም መምረጥ የለበትም!

ሁለተኛው ነገር የደም ቱቦው ነው። ፊልሙ ላይ የአቨሪ የቆየ የደም ናሙና ከሳጥን ይወጣል፣ የቱቦው ክዳን ላይ ትንሽ የመርፌ ቀዳዳ ትታያለች፣ ሙዚቃው ይከብዳል። ፖሊስ ከዚህ ቀድቶ መኪናዋ ውስጥ ቀባው ለማለት ነው። ጅማ ሆስፒታል ሄዳችሁ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ማንንም ጠይቁ። ሲቢሲ ሲታዘዝ ደም የሚገባበት ክዳኑ ወይን ጠጅ የሆነው ቱቦ ውስጡ አየር የለውም። መርፌው የጎማ ክዳኑን በስቶ ይገባል፣ ቱቦው ደሙን ራሱ ይስበዋል። ቀዳዳዋ ደሙ የገባበት በር ናት። የሌላ እጅ ነክቶት እንደሆነ እሷን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ሊያስረዳው የሚችለው ነገር ነው የትዕይንቱ ማርሽ ቀያሪ የተደረገው።

ውጤቱስ? ከ100 ሺህ በላይ ሰው አቨሪ ይቅርታ እንዲደረግለት ለዋይት ሀውስ አቤቱታ ፈረመ። ፕሬዚዳንቱ በግዛት ፍርድ ቤት ለተፈረደበት ሰው ምሕረት የማድረግ ሥልጣን እንኳ የላቸውም። ከወር በላይ የፈጀ ችሎት በአሥር ክፍል ተቆራርጦ ቀረበለት፣ ሕዝቡም መዝገቡን ያነበበ መሰለው።

አንድ ነገር አልክድም። የ16 ዓመቱ የአቨሪ የእህት ልጅ ያለ ወላጅና ያለ ጠበቃ ሲመረመር የሚያሳየው ቅጂ ሊታይ የሚገባው ነው። ለምን? ጥያቄውም መልሱም አብረው ስለሚሰሙ። መርማሪው ቃሉን እንዴት አፉ ውስጥ እንደሚያስገባለት በዓይናችን እናያለን። ከዚያው ፊልም አንዱን አምኜ ሌላውን የምጥለው በዚህ ነው።

ስለዚህ ይመረጣል። ደግሞም ከባድ አይደለም። ጥያቄ ሲጠየቅ ዓይናችሁን ስክሪኑ ላይ ትከሉ። ጠያቂውና መላሹ ሳይቆራረጡ በአንድ ቀረጻ ከታዩ ደህና ነው። ጥያቄው አልቆ የዳኛው ፊት ወይም የታዳሚው ፊት ከመጣ፣ ከዚያ «አዎ» ከተሰማ፣ ተጠንቀቁ። ስፌት የሚደበቀው እዚያ ነው። ሁልጊዜ ተንኮል አለበት ማለቴ አይደለም፣ ማሳጠር የሥራው ጠባይ ነው። ግን ሰውን ነፍሰ ገዳይ ወይም ማስረጃ ፈጣሪ የምታደርግ መልስ በዚህ መንገድ ከመጣች መዝገቡ ሳይታይ መታመን የለባትም።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይህ ንግግር እዚህ አገር መነገሩ ነው። «አኬልዳማ» የተባለውን ዶክመንተሪ ረሳነው? በ2004 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የታየው ተከሳሾቹ ገና ፍርድ ሳያገኙ ነው። በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» ሲታይስ? ጅማ ውስጥ ያንን ምሽት የማያስታውስ ቤት አለ? ችሎቱ አልተዘጋም፣ ሰዎቹ ግን በየሳሎኑ ጥፋተኛ ሆነው አደሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ይህን አይተን ያደግን ሰዎች ለልጆቻችን «ካሜራ ያየውን ነው የሚያሳየው» እንላለን? አንድ ጎረምሳ ይህን አምኖ ከአዳራሽ ይወጣና ነገ ሂርማታ ላይ የተያዘን ሰው ምስል ቲክቶክ ላይ «ሌባው ይኸው» ብሎ ይለጥፋል፤ ያ ሰው በነፃ ቢለቀቅ ማን ነው ሄዶ ምስሉን ከየስልኩ የሚያጠፋለት?

አዘጋጁ ፊልሙን ያሳዩ። ከማሳየታቸው በፊት ግን ሁለቱን ጥያቄዎችና ያቺን አንዲት «አዎ» በችሎቱ ቅደም ተከተል ለአዳራሹ ጮክ ብለው ያንብቡ። የላብራቶሪ ባለሙያም ይጋብዙ፣ ቱቦውን ይዞ ይምጣ። ይህን ካላደረጉ ፕሮግራሙን ይተዉት።