ማስተካከያ፦ የታይ ሮዱ ውፍረት

«ድሬዳዋ ያለውን የሱቅ ታዛ ስቦ ለሚይዘው ታይ ሮድ 16 ሚሊ ዘንግ ይበቃል ተብሎ ነበር። ሴፍቲ ፋክተሩ 2 ስለሆነ የጥርሱን ቅናሽም ይሸፍናል?»

አይሸፍንም። የብረቱ መሸነፊያ 250 ሜጋ ፓስካል ነው። ለ2 ሲካፈል የሚፈቀደው ስትረስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ 125 ይሆናል። ዘንጉን የሚስበው 20 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ስለዚህ ዘንጉ ሲቆረጥ የሚታየው ፊት 160 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል።

ለስላሳው 16 ሚሊ 201 አለው። ዳዶ የሚገባበት ጥርስ ላይ ግን 157 ብቻ ይቀራል፤ ስትረሱ 127 ይደርሳል። ትርፉ ትንሽ ናት፣ ግን ከሚፈቀደው 125 አልፏል። ባለ 20 ሚሊ ጥርስ 245 ስላለው ወደ 82 ያወርደዋል። እሱን ግዙ።

ፋክተሩ የተቀመጠው በትክክል ለማናውቀው ነገር ነው፦ ከግምት ለሚያልፍ ንፋስ፣ ለብረቱ ጥራት መለያየት፣ ትንሽ ጠምዞ ለሚገጥም ሠራተኛ። የጥርሱ ጥልቀት ግን ይታወቃል፤ የሚታወቅ ይሰላል። ታዛው ላይ ሰው የሚወጣ ከሆነም ክብደቱ ከጭነቱ ጋር ይደመር።