ሰውን በአንድ ሚስማር ላይ አታቁሙ!

ዝም ማለት ከበደኝ። ለመኖሪያ ቤት ግንባታ የቆመ የአጣና መወጣጫ ስታዩ አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ መገጣጠሚያውን ተመልከቱት። አግዳሚው ከቋሚው ጋር የተያዘው በአንድ ሚስማር ነው፤ ሲበዛ በሁለት። በዚያ አግዳሚ ላይ ተሻጋሪ እንጨት፣ በተሻጋሪው ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ደግሞ ግንበኛው፣ ረዳቱ፣ ብሎኬቱና የተቦካው ሲሚንቶ አለ። አደጋ ሲደርስ «እንጨቱ ተሰበረ» ይባላል። ሄዳችሁ ብታዩት ግን ብዙ ጊዜ አጣናው ደህና ነው፤ የለቀቀው ሚስማሩ ነው።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። አግዳሚ የሚሆነው አጣና ውፍረቱ 8 ሳንቲሜትር ነው እንበል። በ10 ሳንቲሜትር ሚስማር ሲመታ 8ቱ አግዳሚውን ራሱን አቋርጦ ያልቃል። ቋሚው ውስጥ የገባው 2 ሳንቲሜትር ብቻ ነው! አጣና ደግሞ ድቡልቡል ስለሆነ ሁለቱ እንጨቶች የሚነካኩት በጠባብ ቦታ ነው፤ ጭነት ሲመጣ አግዳሚው ወደ ታች ይጫናል፣ ትንሽ ይንከባለላል፣ ሚስማሩም ይጎብጥና ከቋሚው ይነቀላል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚስማሩ ራስ አጣናው ላይ ተጣብቆ ስለሚታይ ሁሉም ደህና ይመስላል።

አሁን በዚያ 2 ሳንቲሜትር ላይ ምን እንደምንጭን እንቁጠር። በቋሚዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ያለው አንድ ክፍት እንውሰድ። ሁለት ሰው፣ እያንዳንዱ 75 ኪሎ ቢሆን 150 ኪሎ። የተቦካ ሲሚንቶ በሊትር ወደ 2 ኪሎ ስለሚመዝን 20 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች 80 ኪሎ። አንዱ 18 ኪሎ የሚመዝን ብሎኬት 30 ቢደረደር 540 ኪሎ። ድምሩ 770 ኪሎ ነው። ጭነቱ እኩል ቢበተን እንኳ በክፍቱ አራት ማዕዘን ያሉት መገጣጠሚያዎች እያንዳንዳቸው ከ190 ኪሎ በላይ ይሸከማሉ። እኩል ግን አይበተንም። ረዳቱ ብሎኬቱን የሚቆልለው ለማቀበል በሚመቸው በአንዱ ጫፍ ነው፤ ያን ጊዜ የዚያ ጫፍ ሁለት መገጣጠሚያዎች ብቻቸውን ከ500 ኪሎ በላይ ይይዛሉ። ብሎኬቱ በቀስታ ካልተቀመጠና ከተወረወረ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ 30 ብሎኬት አታውጡ። ለተወሰነ ሥራ የሚበቃውን ስምንት አሥሩን ብቻ አውጡ፤ እሱንም ቋሚ ባለበት አጠገብ፣ ከፋፍላችሁ።

መፍትሔው እንጨት በእንጨት ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። መወጣጫው የመጀመሪያ እርከኑ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ቋሚ ጎን 1.5 ሜትር የሆነ ሌላ አጣና መሬት ላይ አቁሙና አግዳሚው በቀጥታ ጫፉ ላይ ይረፍ። ከዚያ ደጋፊውን ከቋሚው ጋር በሁለት ሦስት ቦታ በሽቦ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ክብደቱ በሚስማር ሳይሆን በእንጨቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፤ የሚስማሩ ሥራ አግዳሚው እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ይሆናል። ለሁለተኛው እርከንም እንዲሁ፤ ደጋፊው በታችኛው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ከታችኛው ደጋፊ አናት ይቆማል። መሬት የሚነካው የቋሚውም የደጋፊውም እግር ለስላሳ አፈር ላይ እንዳይሰምጥ ከሥር ወፍራም ጣውላ ይነጠፍለት። ብሎኬት ከሥር አታድርጉ፤ ይሰነጠቃል።

ለዚህ የሚሆን አጣና ከሌለ ቢያንስ ከአግዳሚው ሥር ቁራጭ ጣውላ ምቱ። 4 ሳንቲሜትር ውፍረትና 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ከቋሚው ጋር ሲመታ ያው 10 ሳንቲሜትር ሚስማር 6 ሳንቲሜትር ቋሚው ውስጥ ይገባል። አምስት ሚስማር ይበቃል፤ ግን በአንድ መስመር አትደርድሯቸው፣ ቋሚው ይሰነጠቃል። ግራና ቀኝ አፈራርቁ፣ ከቁራጩ ጫፍም ራቅ በሉ። ከድሮ ሥራ ተነቅሎ በመዶሻ የተቃና ሚስማር ለዚህ ቦታ አይሆንም። አንድ ጊዜ የጎበጠ ሚስማር ሁለተኛ የሚጎብጠው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ሌላው የሚያበሳጨኝ እርጥብ አጣና ነው። ዛሬ ተቆርጦ ነገ ይቆማል፣ ልጡም አልተላጠም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ በሽቦ የታሰረው ይላላል፣ ሚስማሩም ጨብጦ የያዘው እንጨት ይሸሸዋል። ልጡ ደግሞ ከሥሩ ይላቀቅና ማሰሪያውን ይዞ ይንሸራተታል፤ ስንጥቅም ቢኖር ይሸፍናል። ልጡን ላጡት። ሰኞ የጠበቀውም መገጣጠሚያ ቅዳሜ እንደጠበቀ ነው ብላችሁ አትመኑ። ቀላል ዘዴ አለ፦ መወጣጫው በቆመበት ቀን በእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር ቋሚው ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩ። ጠዋት ሰው ከመውጣቱ በፊት ዞር ዞር እያላችሁ እዩ። አግዳሚው መስመሩን ከሸፈነው ወርዷል ማለት ነው፤ እስኪስተካከል ማንም አይውጣ።

ስለ ጣውላው ብዙ አልልም። ለፎርምወርክ፣ ኮንክሪት ለሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ የተገዛው ስሱ ጣውላ ሰው መቆሚያ አይደለም። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ ጫፉም ከመጨረሻው ተሻጋሪ ቢያንስ 5፣ ቢበዛ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ይለፍ። ግማሽ ሜትር ወጣ ብሎ የተተወውን ጫፍ ሰው ሲረግጠው ጣውላው ከወዲያኛው በኩል ይነሳል፣ የረገጠውም ይወርዳል።

የመጨረሻው ንዴቴ በለሳኞች ሰዓት የሚሆነው ነው። መገጣጠሚያው የቱንም ያህል ቢደገፍ፣ በሚስማርና በሽቦ የተያዘ አራት ማዕዘን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ወደ ጎን እንዳይጋደም የሚይዙት ከታች ወደ ላይ በሰያፍ የተመቱት እንጨቶች ናቸው። ከግድግዳው እንዳይርቅ የሚይዘው ደግሞ በመስኮቱ ክፍት ገብቶ ከውስጥ በኩል ከመስኮቱ በሚረዝም አግድም እንጨት ላይ የታሰረው ማሰሪያ ነው። ታዲያ ልስን ሲደርስ መስኮቱ ጠርዝ ላይ «መንገድ ዘጋብኝ» ተብሎ የሚነቀለው ይኸው ማሰሪያ ነው! ሰያፉም ለባልዲ ማሳለፊያ ይነሳል። መወጣጫው ወዲያው አይወድቅም፤ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ሠራተኛውም ይለምደዋል። መወዛወዝ የጀመረ መወጣጫ ላይ ያለ ሰው ወዲያው ይውረድ። ማሰሪያው የግድ መነሳት ካለበት መጀመሪያ በቀጣዩ ክፍት ሌላ ታስሮ፣ ተፈትሾ፣ ከዚያ አሮጌው ይፈታ። ይህንንም የሚፈታው መወጣጫውን ያቆመው አናጢ ይሁን እንጂ መዶሻ እጁ ላይ የተገኘ ሁሉ አይሁን።