በቅጡ ለማናውቃት አራስ ካርድ ላይ ምን ይጻፋል

«አክስቴ፣ ስራ ቦታ አብሮኝ የሚሰራ ሰው ሚስቱ ወልዳ ካርድ እየዞረ ነው፣ እሱን ከሰላምታ ውጪ አላውቀውም፣ ሚስቱን ደግሞ አይቻት አላውቅም፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

የእህቴ ልጅ ናት እንዲህ ብላ የላከችልኝ። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ እቃ ማሸግ ከጀመረች ብዙም አልሆናት። ሰውየው አሜሪካዊ ነው፣ የሚሰራው ጭነት ክፍል ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሲገናኙ ሰላም ይላታል፣ በቃ ይሄው ነው ትውውቃቸው።

እኔ ግን ጥያቄዋ ትልቅ ጥያቄ ነው የመሰለኝ፣ ምክንያቱም አገር ቤት ይሄ ጥያቄ አይነሳም እኮ። እዛ መስሪያ ቤት ውስጥ አንዷ ስትወልድ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ስም እየመዘገበ መዋጮ ይሰበስባል፣ ማን ስንት እንዳዋጣ ከስሙ ጎን ይጻፋል፣ ከዛ አንድ ቀን ይቆረጥና ከስራ ሲወጡ ተሰብስበው በሰርቪሱም ሆነ በታክሲ አራስ ጥየቃ ይኬዳል። በደንብ የሚያውቋት ገብተው አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ በቅጡ የማያውቃት ደግሞ በሩ አካባቢ ወንበር ይሰጠዋል፣ ገንፎው ሲመጣ እኩል ይበላል፣ ቅቤና በርበሬው መሀል ላይ ያጠቅሳል፣ ሲወጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ» ይላል፣ አለቀ። ከሱ ሌላ ምንም አይጠበቅበትም። የሚለው ነገር ተዘጋጅቶ ነው የቆየው፣ የቅርብ ጓደኛዋም የምትለው ያንኑ ነው፣ ስለዚህ አያውቃትም ተብሎ አይታወቅበትም። አሁን አሁን በቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል፣ ግን እሱም ላይ ብትሄዱ ሁሉም ያንኑ ነው እየደጋገመ የሚጽፈው፣ የመጀመሪያው የጻፈውን የመጨረሻው ይደግመዋል፣ ማንም ደግሞ ተደገመ ብሎ አይታዘብም።

እዚህ ግን ካርዱ በትልቅ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ፖስታው ላይ የሰራተኛው ስም ዝርዝር ተለጥፎ ይሆናል፣ የፈረመ ስሙ ላይ ምልክት አድርጎ ለሚቀጥለው ይሰጣል። አንዳንዴ ለስጦታ የሚሆን ብር የሚጨመርበት ሌላ ፖስታ አብሮ አለ፣ 5 ዶላርም 10 ዶላርም የከተተ ይከታል፣ ማን ስንት እንዳደረገ የሚጽፍ ሰው የለም፣ ያላደረገም አይጠየቅም። እና ያ ፖስታ እጅሽ ሲገባ ብቻሽን ነሽ፣ ከፊትሽ የፈረሙት ሁሉ የየራሳቸውን ነገር ጽፈዋል፣ አንዱ ቀልድ፣ አንዷ ምክር፣ አንዱ ስሙን ብቻ፣ አንቺም የራስሽን ማምጣት ያለብሽ ይመስልሻል። ልጅቷን ያስጨነቃትም ይሄ ነው።

ሌላም የታዘብኩት ነገር አለ። እዚህ ሱቅ ገብታችሁ የወሊድ ካርድ ብታገላብጡ ብዙው የሚያወራው ለህጻኑ ነው፣ እንኳን ወደ ዓለም መጣህ፣ ትንንሽ እግሮች፣ ትንንሽ እጆች ምናምን፣ የወለደችው ሴት ካርዱ ላይ የለችም። የኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚለው ለሷ ነው፣ አንቺ ተረፍሽ ነው የሚላት፣ ልጁ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ደጅ ቆመው «ማርያም ማርያም» ሲሉ ያደጉ ሰዎች ለምን እንደዛ እንደሚሉ ያውቁታል፣ ሞት ቅርብ ስለነበረ ነው። ለዚህም ይመስለኛል አገር ቤት ብዙ እናቶች ልጁ ሳይወለድ ልብስ ይገዛ ሲባል ደስ የማይላቸው፣ እዚህ ግን ቤቢ ሻወር የሚደረገው ከመውለዷ በፊት ነው፣ ስጦታው ቀድሞ አልቋል፣ ስትወልድ የሚቀራት ካርዱ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ እናትየዋን ማንሳት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን በጣም ደግ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፣ እንዳትተዪው አልኳት።

ልጅቷ መጀመሪያ ጽፋ ያሳየችኝ ይሄን ነበር (በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው፣ ሀሳቡን ነው የማስቀምጠው)፦

«እንኳን ደስ አላችሁ! ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ከእንግዲህ እንቅልፍ የለም! ሚስትህ ቶሎ አገግማ ወደ ድሮ ሰውነቷ እንድትመለስ እመኛለሁ። ጡት ማጥባት ለልጅ በጣም ጥሩ ነው። ምንም ነገር ካስፈለጋችሁ ደውሉልኝ። በእረፍትህ ተደሰት፣ ፎቶ ላክልን!»

ልቧ ንጹህ ነው፣ እያንዳንዱም ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን አንድ በአንድ አየነው። ስለ ሰውነቷ የተጻፈው ወጣ፣ አይታት ስለማታውቅ ሴት ሰውነት ምንም መጻፍ የለባትም፣ አገር ቤት አራስን «አምሮብሻል፣ ወፈር ብለሻል» ማለት ምርቃት ነው፣ እዚህ ግን ይጎዳል። ጡት ማጥባቱም ወጣ፣ አንዳንዷ ወተት እምቢ ብሏት እያለቀሰች ይሆናል፣ ያን ከባሏ የስራ ባልደረባ ማንበብ የለባትም። እንቅልፍ የለም የሚለው ቀልድ ከሁሉም ሰው ስለሚመጣ እሷ ባትጨምረው ምንም አይጎድልም። ፎቶ ላክ የሚለው ደግሞ መላክ ለማይፈልግ ሰው ጭነት ነው፣ የልጃቸውን ፎቶ ከቤተሰብ ውጪ የማያወጡ ብዙ አሉ።

«ካስፈለጋችሁ ደውሉልኝ» የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሷ ከልቤ ነው አለችኝ፣ አምናታለሁ፣ ግን ስልኳን አያውቁትም፣ ቢያውቁትም የማያውቁትን ሰው ምን ብለው ይጠይቃሉ። ከሩቅ ሰው የመጣ እንዲህ አይነት ቃል አራሷ ላይ ተጨማሪ ስራ ነው፣ የሚያስፈልጋትን አስባ፣ ደፍራ፣ ደውላ፣ ይሄን ሁሉ እሷ ናት የምታደርገው። መርዳት ከፈለገች ሰዎች ተራ እየያዙ ምግብ የሚያደርሱበት ዝርዝር ስራ ቦታው ካወጣ አንድ ቀን ትያዝ፣ ካላወጣ ምርቃቱ ይበቃል።

እረፍቱ ላይ ግን ቆም ብለን ነው ያየነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም በወጣው የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታገኛለች፣ አባት ደግሞ 3 ቀን ከነደመወዙ። እዚህ በ1993 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው የፌደራል ህግ ለእናትም ለአባትም እስከ 12 ሳምንት ይፈቅዳል፣ ግን ደመወዝ የለውም፣ ስራህን ይጠብቅልሃል እንጂ አይከፍልህም፣ እሱም 50 ሰራተኛና ከዛ በላይ ያለው መስሪያ ቤት ሆኖ አንተም ቢያንስ 12 ወር የሰራህ ከሆነ ነው። አንዳንድ ስቴትና አንዳንድ ካምፓኒ በራሱ ይከፍላል፣ የማይከፍለው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ መጋዘን የሚሰራ አባት የቤት ኪራይ ስላለበት ከሳምንት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ለሱ «በእረፍትህ ተደሰት» ማለት ቁስል መንካት ነው። «ቶሎ ተመለስ፣ ናፍቀኸናል» የሚለውም እንደዛው። ስለ ስራ ጨርሶ አለማንሳት ነው የሚሻለው።

እግዚአብሔርን ላንሳው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሰውየው አማኝ እንደሆነ ታውቃለች? አታውቅም። እንግዲያው በልቧ ትጸልይላቸው፣ ካርዱ ላይ መልካም ምኞቷን ብቻ ትጻፍ፣ ጸሎቱ ካርድ ላይ ስላልተጻፈ አይቀርም።

ከዛ የምታውቀው እውነት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። አለቃቸው በላከው ኢሜይል ሴት ልጅ እንደወለዱና ሁለቱም ደህና እንደሆኑ ተጽፏል፣ ሰውየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በፈገግታ ሰላም ይላታል። ሁለት ነገር ታውቃለች ማለት ነው፣ ለሶስት መስመር ሁለት እውነት ይበቃል። በመጨረሻ ይህን ጻፈች፦

«ለአንተም ለባለቤትህም፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እሷም ልጃችሁም ደህና መሆናቸውን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። አዲስ ስራ ላይ ሆኜ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስለምትለኝ አመሰግናለሁ፣ ልጃችሁ በጤናና በደስታ ትደግላችሁ።»

ከስር ስሟን፣ ከስሟ ቀጥሎ «ከማሸጊያ ክፍል» ብላ ጨመረች። ይሄን የግድ አልኳት፣ ምክንያቱም አባትየው ካርዱን ቤት ወስዶ ለሚስቱ ሲያነብላት «ይቺ ማናት?» ትለዋለች፣ እሱም የሐበሻ ስም ብቻ አይቶ ላያስታውስ ይችላል። ቦታውም ዳር ላይ ይሁን፣ መሀሉን በቅርብ ለሚያውቁት መተው ጥሩ ነው።

ኢሜይሉ ላይ «ደህና ናቸው» የሚል ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው መስመር ይወጣ ነበር። ልጅ ያለ ጊዜው ተወልዶ ሆስፒታል የሚቆይበት አለ፣ እናት የምትታመምበት አለ፣ ዝም ያለ ማስታወቂያ አንዳንዴ ይሄን ይዞ ነው ዝም የሚለው። ህጻኑ ሆስፒታል እንደቀረ ከታወቀም እንኳን ደስ አላችሁ ማለት አይቀርም፣ ልጅ ተወልዷል፣ ወላጆቹ ያን መስማት ይፈልጋሉ፣ ከሱ ቀጥሎ «እያሰብናችሁ ነው» ማለት ይበቃል፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዴት እንደዳነ የሚተርክ ታሪክ አይጨመርም።

ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች፣ እዛው መጋዘን ሌላ ሽፍት ላይ የምትሰራ በስም ብቻ የምታውቃት ሐበሻ በቅርቡ ትወልዳለች፣ ለሷስ? ለሷ ምንም መፍጠር የለባትም፣ ያው የአገር ቤቱን ነው የምትለው፣ ግን ሃይማኖቷን ካላወቀች «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ» ትበል፣ ኦርቶዶክሷም ሙስሊሟም ፕሮቴስታንቷም ደስ ብሏት ትቀበለዋለች፣ ባልየውንም «እንኳን ደስ ያለህ» ትበለው፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የልጁን ስም አትጠይቅ፣ ክርስትና ድረስ ስሙን የማያወጡ አሉና ሲፈልጉ ይነግሯታል። ለሷ ደግሞ ካርዱ ብቻ አይበቃም፣ አጥሚት ሰርታ በፔርሙስ በባሏ ወይ በጓደኛዋ ትላክላት፣ እናቷ አገር ቤት ከሆነች ማን ያን እየሰራላት እንደሆነ አናውቅም። ገብሱን ከኔ ዘንድ ውሰጂ ብያታለሁ።